የአያቴ ፊት ብቻ አመድ መስሎ ታተመ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ክር የከፈትኩት ሐሙስ ማታ ነው። እስከ እሁድ ከሰዓት 18 መልስ ተደርድሮበታል። ግማሹ ረጅም ነው፣ ጥቂቱ ስድብ አለበት፣ አንዳንዱ ደግሞ ከጥያቄው ጋር አይተዋወቅም። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው እንዲቀል ጥያቄዬን እንዳለ ትቼ፣ ከስሩ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር በተራ አስቀምጫለሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ 80 ዓመት ሲሞላቸው አራት ኪሎ ባለው ግቢያችን ተሰብስበን ፎቶ ተነሳን። ዘጠኝ ሰው ነን። ካሜራው 24 ሜጋፒክስል ነው። ስምንታችን ደህና የወጣንበት አንድ ፍሬም ብቻ አለ፤ በእሱ ላይ ደግሞ አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የአክስቴ ልጅ በዚያው ሰዓት በረንዳው ጥላ ውስጥ ለብቻቸው በአይፎኑ አንስቷቸው ነበር፤ ያችኑ ነጠላ ለብሰው፣ ፈገግ ብለው። ፊታቸውን ከዚያ ቆርጬ በፎቶሾፕ የቡድኑ ፎቶ ላይ ተካሁት። ስለጥፈው ደብዘዝና ሰማያዊ ነገር ብሎ ስለነበር ከላዩ ለፊቱ ብቻ Curves የሚባለውን የቀለም ማስተካከያ አድርጌ አሞቅኩት። ስክሪን ላይ ማንም አይለየውም፤ እናቴም አልለየችውም።

ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። 40 በ60 ሴንቲሜትር ካንቫስ ላይ ታተመ። ስንገልጠው የስምንታችን ፊት ልክ ነው፤ የአያቴ ግን አመድ የነፉበት ይመስላል። እናቴ ዝም አለች። አክስቴ መጥፎ ምልክት ነው ብላ ወደ ግድግዳው አዞረችው። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉ ነው ይላል፣ እኔ ማሽኑ ነው እላለሁ። ድጋሚ ከማሳተሜ በፊት ጥፋቱ የት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልሶቹ

መልስ 1 የመጣው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ነው። ሰውየው ወንድሜ እያለ በትሕትና ጀምሮ፣ ችግሩ የታወቀ መሆኑን ጻፈ፦ ፋይሉ በኢንች 72 ፒክስል ላይ ሆኖ ነው የታተመው። Image Size ገብቼ 300 ብጽፍ ቀለሙም ጥራቱም አብሮ እንደሚስተካከል አረጋገጠልኝ። ወንድም ሳልሆን እህት መሆኔን ነግሬው አመሰገንኩ። ይቅርታ ጠይቆ ያንኑ ምክር በሴት አንቀጽ ደገመው።

መልስ 2 የሰጠው ሰው ከጽሑፉ ብዙ ፎቶ አሳትሞ የሚያውቅ ይመስላል። የመጀመሪያውን ሳያንጓጥጥ አረመው። ሥዕሌ 6000 በ4000 ፒክስል ነው። 60 ሴንቲሜትር ማለት 600 ሚሊሜትር ስለሆነ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር ላይ 10 ፒክስል ይወድቃል፤ ይህም በኢንች 254 ነው። ለካንቫስ፣ ያውም ከአንድ ሜትር ርቀት ግድግዳ ላይ ለሚታይ፣ ይበቃል ብሎ ነው የሚያምነው። ሳጥኑ ውስጥ 300 ብዬ ብጽፍ ከሁለት አንዱ ይሆናል፦ Resample ካልተመረጠ ሥዕሉ ያው ሆኖ የሕትመቱ ስፋት ብቻ ይቀንሳል፤ ከተመረጠ ደግሞ 6000 የነበረው 7087 ይሆናል፣ የተጨመረውን ፒክስል ፎቶሾፕ ከጎረቤቱ እየገመተ የሞላው ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋናውን ነገር በአንድ መስመር አለው፦ የሪዞሉሽን ማነስ ፊትን ያደበዝዝ ይሆናል እንጂ አመድ አያደርግም።

መልስ 3 የአንዲት እናት ነው። ርዕሱን ያነበቡት የተቀያየረ ፎቶ ብለው መሆን አለበት። የልጃቸውን የሰርግ ፎቶ ሊቀበሉ ሄደው የማያውቋቸው ሙሽሮች ፎቶ ተሰጥቷቸው፣ ቤት ደርሰው ሲከፍቱት እንዴት እንደደነገጡ በዝርዝር ጻፉ። የዚያኛውን ቤተሰብ እስኪያገኙ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። ምክራቸው ደረሰኝ ሳልይዝ እንዳልወጣ ነው። ከጥያቄዬ ጋር ባይገናኝም ማንም አላቋረጣቸውም፤ እኔም እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

መልስ 4 ላይ ነገሩ መረር አለ። ይኸኛው ላፕቶፕ ላይ ቀለም የሚያስተካክል ሰው ስለ ሕትመት አፉን ሊከፍት አይገባም ባይ ነው። ስክሪን ካልተለካ ሁሉ ነገር ግምት ነው፤ የላፕቶፕ ብርሃን እስከ ጫፍ ከተከፈተ ደግሞ ሕትመቱ ሁልጊዜ ጨልሞ ይወጣል። ሁለተኛው ነጥብ እውነት ነው። የኔም ካንቫስ በጥቅሉ ከስክሪኑ ትንሽ ጠቆር ብሏል፣ ይህን በመክፈቻው መጻፍ ነበረብኝ።

ግን መልስ 5 አልለቀቀውም። የጻፈው ፎቶ ላብ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው፤ እኔን ከሁሉም የጠቀመኝ የእሱ ነጥብ ነው። ስክሪን ቢሳሳት፣ ማሽን ቢሳሳት፣ ማሽኑ ቀለምን ለወረቀቱ የሚተረጉምበት ፕሮፋይል ቢሳሳት፣ ስሕተቱ ሰው አይመርጥም። ዘጠኙም ፊት አብሮ ይቀላል ወይም አብሮ ይጠቁራል፤ ግድግዳውም ነጠላውም እንደዚያው። ስምንት ፊት ልክ ሆኖ አንድ ፊት ብቻ ከተበላሸ ግን ያ ፊት በፋይሉ ውስጥ ከሌሎቹ ተለይቶ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑን ትቼ ፋይሉን እንድፈትሽ ነገረኝ። ያመጣሁት ፋይል ምን ዓይነት እንደነበርም ጠየቀ።

እኔም መለስኩ፦ ቤት የሠራሁበትን PSD ነው፣ ተደራራቢ ሌየሮቹ ሳይዋሃዱ እንዳሉ። ምናልባት ማስተካከል ቢፈልጉ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም ያሰብኩላቸው መስሎኝ።

መልስ 6 ከዚህ በፊት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ የሠራ ልጅ ነው። ሥዕሉን ያየው ያህል ተረከው። ካንቫስ የሚያትሙ ብዙ ቤቶች ፋይል ሲመጣላቸው በልማድ ወደ CMYK፣ ማለትም ወደ አራቱ የሕትመት ቀለሞች፣ ይቀይሩታል። ሌየር ያለው ፋይል በዚያ መንገድ ሲቀየር ፎቶሾፕ መስኮት አውጥቶ ያስጠነቅቃል፤ ሌየሮቹ መጀመሪያ ይጨፍለቁ ወይስ ይቀጥል ብሎ ይጠይቃል። ወረፋ ያለበት ሠራተኛ የሚጫነው እጁ የለመደውን ነው። ሳይጨፈለቅ ከቀጠለ እንደ Curves ያለው ማስተካከያ ወይ ይጣላል ወይ ሌላ ውጤት ይሰጣል፣ ምክንያቱም የተሠራው ለቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቁጥሮች ነው፤ አሁን ከስሩ ያሉት ቁጥሮች የሕትመት ቀለም መጠን ሆነዋል። የሌሎቻችን ፊት ከታችኛው ሌየር ስለሆነ ምንም አልነካውም። የአያቴ ፊት ግን ሙቀቱን ያገኘው ከተጣለው ሌየር ነበር።

ሌሊቱን ሞከርኩት። የ PSD ኮፒ አድርጌ Image ገባሁ፣ Mode፣ ከዚያ CMYK Color። መስኮቱ ወጣ። ሳልጨፈልቅ ቀጠልኩ። ዓይኔ እያየ የአያቴ ፊት ከቡናማ ወደዚያው አመድ ወረደ፤ ከጎናቸው የተቀመጠው አጎቴ ንቅንቅ አላለም። ካንቫሱን ከግድግዳው አዙሬ ከስክሪኑ አጠገብ አቆምኩት፤ ያው ራሱ ነው። Ctrl+Z ስጫን አያቴ ተመለሱ። ሁለት ሦስቴ እንዲሁ አደረግኩት፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ይህን ክሩ ላይ ስጽፍ የጥፋተኛው ጉዳይ ፈነዳ። መልስ 7 ማስጠንቀቂያ ሳያነብ የሚጫን ሠራተኛ ሙሉውን ሊከፍል ይገባል አለ። መልስ 8 ደግሞ፣ እሱም ማተሚያ ቤት ያለው ሰው ይመስለኛል፣ በቁጣ ተነሳ፦ ደንበኛ ስክሪንሾት ይዞ መጥቶ ሦስት ሜትር ባነር አትሙልኝ ይላል፣ ያልተጨፈለቀ ፋይል ያመጣል፣ ሲበላሽ ግን ሁሉም ወደ ማሽኑ ይጮኻል። ማተሚያ ቤት የሚያትመው የተዘጋጀ ፋይል ነው፣ ማዘጋጀት ሌላ ሥራ ነው፣ ሌላም ክፍያ አለው። ሁለቱ ለአራት አምስት መስመር ያህል ተዘላለፉ፤ አወያዩ የተወሰነውን አጥፍቶታል። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ ልክ ናቸው። የሚያናድደኝ ግን ማተሚያ ቤቱ ፋይሉ ነው ሲለኝ ምን እንደሆነ ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አለመጨመሩ ነው።

መልስ 9 ከዚህ ሁሉ ያገኘው ትምህርት፣ ፋይሉን ራስ ቤት ውስጥ ወደ CMYK ቀይሮ መሄድ ነው። ለመጽሔትና ለብሮሹር እንደዚያ ሲያደርግ ኖሯል። የላቡ ሰው፣ መልስ 5 የሰጠው፣ በመልስ 10 ተመልሶ አስቆመው። ለኦፍሴት ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ያውም ማተሚያ ቤቱ የሰጠው ፕሮፋይል ካለ። በፎቶ ወረቀት ላይ በብርሃን የሚያትም ላብ ግን የሚጠብቀው sRGB የሚባለውን የተለመደ የስክሪን ቀለም ክልል ነው። ብዙ ቀለም ያለው ትልቅ ኢንክጄትም በአብዛኛው RGB ተቀብሎ ወደ ራሱ ቀለም የሚቀይረው በራሱ ሶፍትዌር ነው። ቤት ውስጥ ባልታወቀ CMYK አስቀድሞ መቀየር ማሽኑ ሊያወጣው ይችል የነበረውን ቀለም በገዛ እጅ መጣል ነው፤ አንዴ ከጠፋ ደግሞ ወደ RGB ብንመልሰው አይመለስም።

ምሳሌው የአያቴ ነጠላ ነበር። ጥለቱ አረንጓዴና ቀይ ነው፣ ደማቅ። እንዲህ ያለ አረንጓዴ በአራቱ የሕትመት ቀለሞች ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ ጭቃ ነገር ይሆናል። ካንቫሱን ስመለከት በእርግጥም የጥለቱ አረንጓዴ ሞቷል፤ የእናቴና የአክስቶቼም ጭምር። ይህ የሁሉም ነው፣ ስለዚህ የፊቱ ችግር አይደለም፤ የመቀየሩ ዋጋ ነው። ሁለቱን ለይቼ ማየት የቻልኩት ያን ጊዜ ነው፦ ሁሉም ላይ ከታየ ከቅየራው፣ አንዱ ላይ ብቻ ከታየ ከተጣለው ሌየር። ከማተሚያ ቤቱ የካንቫሱን ፕሮፋይል ለምኜ ካገኘሁ Proof Setup ውስጥ አስገብቼ አረንጓዴው ምን ያህል እንደሚሞት አስቀድሜ ማየት እንደምችል ነገረኝ። ጠየቅኳቸው። የላቸውም፣ ወይም ያለ አይመስላቸውም።

መልስ 11 የሌላ ሰው ገጠመኝ ነው፤ ግን ከኔ ጥያቄ አጠገብ ነው። ጸሐፊው ለመታወቂያና ለፓስፖርት ፎቶ የሚያነሳ የፎቶ ቤት ባለቤት ነው። ሸሚዝ ለብሶ ለመጣ ሰው ኮትና ክራባት በፎቶሾፕ ማልበስ የዕለት ሥራው ነው። ኮቱ ከኢንተርኔት የወረደ ትንሽ ሥዕል ነው፤ ለ3 በ4 ጉርድ ፎቶ ግን ማንም አያውቀውም፣ ምክንያቱም 3 ሴንቲሜትር በ300 ቢታተም 354 ፒክስል ብቻ ነው የሚፈልገው። አንድ ቀን የአንድ ደንበኛው ቤተሰቦች መጡ። ሰውየው አርፈዋል፤ ለቀብር የሚያዝ ትልቅ ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ያላቸው ደግሞ ያችው ጉርድ ፎቶ ናት። ፊቱን ያነሳበት ዋናው ፋይል ስለነበረው ፊቱ ጥርት ብሎ ወጣ። ኮቱ ግን ደረጃ ደረጃ ሠርቶ፣ ክራባቱ ካርቶን መሰለ። በሌሊት ሌላ ሰው ኮት አልብሶ አንስቶ እንደገና ሠራው። ከዚያ ወዲህ ኮቶቹን ሁሉ ራሱ በካሜራ አንስቶ በትልቁ አስቀምጧል። ይህን ሰው ወደድኩት።

መልስ 12 የላቡ ሰው ሦስተኛው ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነበር፦ መጀመሪያውኑ ያን ያህል ማሞቅ ለምን አስፈለገኝ? የስልኩን ሥዕል ለብቻው ከፍቼ ከመስኮቱ ግርጌ የቀለም ፕሮፋይሉን እንዳነብለት ጠየቀ። አነበብኩ፤ Untagged RGB ይላል። ይህን ሲሰማ ነገሩ ገባው። አይፎን ፎቶ የሚያስቀምጠው Display P3 በሚባለው ሰፋ ያለ የቀለም ክልል ነው። ምልክቱ ከፋይሉ ላይ ከወደቀ ቁጥሮቹ ይቀራሉ፣ ትርጉማቸው ግን ይጠፋል፤ ፎቶሾፕም ምልክት የሌለውን ቁጥር sRGB ፋይል ላይ ስለጥፈው እንዳለ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ቀዩ ይደክማል፣ የሰው ቆዳ ደብዘዝ ይላል። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን መጀመሪያ በአንድ የማሳመሪያ አፕ አሳልፎ፣ ከዚያ በቴሌግራም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ነበር የላከልኝ። ምልክቱን የጣለው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አልተለየም።

መፍትሔው ሁለት ነበር። አንደኛው Assign Profile ብሎ Display P3 መስጠትና የጥለቱ ቀይ በቡድኑ ፎቶ ላይ ካለው ያው ጥለት ጋር መቀራረቡን ማየት፤ ያው ነጠላ ስለሆነ ጥሩ መለኪያ ነው። ሁለተኛውና የሚሻለው ዋናውን ፋይል መልሶ መጠየቅ ነው። ጠየቅኩ፤ ልጁ እንደ ፋይል ላከው። በዚህ አጋጣሚ Assign እና Convert የሚሉትን እንዳላምታታ አስጠነቀቀኝ። የመጀመሪያው ቁጥሩን ሳይነካ ትርጉሙን ይለውጣል፣ ስለዚህ የሚታየው ቀለም ይቀየራል። ሁለተኛው የሚታየውን ቀለም ለመጠበቅ ቁጥሩን ይለውጣል። ምልክቱ ለጠፋበት ፋይል አንደኛው፣ ወደ ማተሚያ ለሚሄድ ፋይል ሁለተኛው። ተገላቢጦሽ ከተሠራ ያልነበረ ችግር ይፈጠራል።

ዋናው ፋይል ሌላም ነገር አሳየኝ። በቴሌግራም የመጣው ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ነበር፤ ዋናው 4032 ነው። የአያቴ ፊት ከአገጭ እስከ ፀጉር በቡድኑ ፎቶ ላይ 400 ፒክስል ያህል ነው። በትንሹ ፋይል ላይ ፊቱ 286 ብቻ ስለነበረ ሳላስተውል ለጥጬዋለሁ። በዋናው ግን 900 ስለሆነ ወደ 400 አሳነስኩት። መልስ 2 የሰጠው ሰው ይህን ሲያይ፣ ሪዞሉሽንን ለሙሉው ሥዕል አስልቶ ለተተካው ቁራጭ አለማስላቱን ራሱ አመነ። የሥዕሉ ቁጥር 254 ሆኖ የአንዱ ፊት እውነተኛ ዝርዝር 180 አካባቢ ነበር። ይህን ከእሱ በፊት ማንም አላለም።

መልስ 13 እና 14 ስለ ሻርፕ ማድረግ ናቸው፤ እስካሁንም አልተስማሙም። 13 ላይ የጻፈችው ልጅ የሰርግ ፎቶ የምታስተካክል ናት። እንደ እሷ ከሆነ ለሕትመት የሚደረገው ማሾል የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ሁሉም ተጨፍልቆ፣ መጠኑ ከተቆረጠ በኋላ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ በፊት ግን የተተካው ፊት ከጎረቤቶቹ ጋር መስተካከል አለበት። ስልክ ገና ሲያነሳ በራሱ አሹሎና አለስልሶ ነው የሚያስቀምጠው፤ ጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ይተዋል፣ ጉንጩን ደግሞ ፕላስቲክ ያደርገዋል። ካሜራው ግን ፍሬ ፍሬ የሚል ሻካራነት አለው። እንደዚሁ እንዳለ ሁሉም ላይ ቢሾልበት ቀድሞ የሾለው ፊት ሁለት ጊዜ ይሾላል፣ ከሥዕሉ ተቆርጦ የወጣ ይመስላል። ስለዚህ ሥዕሉን 100% ከፍቼ የአያቴን ቅንድብ ከአጎቴ ቅንድብ ጋር እንዳስተያይ ነገረችኝ። የእሳቸው ከሾለ በ Gaussian Blur ግማሽ ፒክስል ያህል ማለዘብ፣ ከዚያ ቀለም የሌለው ኖይዝ ከ1 እስከ 2 በመቶ መጨመር። ቀጥሎ ጨፍልቆ Unsharp Mask፦ Amount 90፣ Radius 1.2፣ Threshold 3። በሚሊሜትር 10 ፒክስል ስላለ የሚፈጠረው ጠርዝ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይዘልም፣ ዓይን እንደ ጥራት እንጂ እንደ መስመር አያየውም።

14 ላይ የመጣው ሰው ደግሞ የሾለ ፊት ማደብዘዝ ሞኝነት ነው ባይ ነው። ካንቫስ ራሱ ሸካራ ስለሆነ ዝርዝር ይውጣል፤ ስለዚህ እንዲያውም ጠንከር አድርጎ ማሾል ይገባል። ልጅቱ ካንቫስ ከሚያብረቀርቅ ወረቀት ይልቅ ጠንከር ያለ ማሾል እንደሚሸከም ተቀብላ፣ ነገር ግን ያ ለዘጠኙም እንጂ ለአንድ ፊት እንዳልሆነ መለሰችለት። እሱ የራሱን ሥራ ፎቶ ለጠፈ። እሷ ነጠላው ጠርዝ ላይ ያለውን ነጭ መስመር ክብ አድርጋ መልሳ ለጠፈችለት። ከዚያ ዝም አለ። እኔ የእሷን ያዝኩ፣ Amount ብቻ ትንሽ ከፍ አድርጌ።

መልስ 15 ፊት መቀየር ራሱ ውሸት ነው፣ እማማ ዓይናቸውን ጨፍነው ከነበረ የነበረው እሱ ነው አለ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ለምን በየክሩ እንደሚገኙ አላውቅም። ሦስተኛዋ መላሽ፣ ፎቶ የተቀያየረባቸው እናት፣ ተመልሰው መጥተው በ80 ዓመቱ ፈገግ ብሎ የመታየት መብት ያለው ሰው ካለ አያትሽ ናቸው ብለው በጨዋ ቋንቋ አስተኙት። ያ መልስ 16 ነው።

መልስ 17 ወሬውን ወደ ፒያሳ ወሰደው። በ2016 ዓ.ም. ቤቶቹ ሲፈርሱ የለመደው ፎቶ ቤት የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው ካለ ጠየቀ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሱ ስለነበሩት የቦያጂያን ቤተሰብም ጥቂት አወራ። ፎቶ ቤቱን የሚያውቅ አልተገኘም። ጥያቄው አሁንም እዚያው ተንጠልጥሏል፤ የምታውቁ ንገሩት።

መልስ 18 የመጨረሻውና የማላርፍበት ነው። ሥዕሉን በትልቁ ለጥፌ ነበር። አንድ ሰው፣ ሠዓሊ ነኝ ያለ፣ ቀለሙን ሁሉ ትቶ አፍንጫችንን ተመለከተ። የስምንታችን አፍንጫ ጥላ ወደ ቀኝ ወድቋል፣ ፀሐይ ላይ ስለነበርን። አያቴ ግን በረንዳ ጥላ ውስጥ ስለተነሱ የአፍንጫቸው ጥላ የለም። ይህን ፕሮፋይልም ሻርፕም አያድነውም አለ። ለስላሳ ብሩሽ ይዤ በ10 በመቶ ጥላ እንድቀባ ነገረኝ። የሰርግ ፎቶ የምታስተካክለው ልጅ ደግሞ ያልተቀባ እንደሚሻል፣ የተሳሳተ ጥላ ከሌለ ጥላ ይልቅ እንደሚያስታውቅ ጻፈች። ሁለት ጊዜ ቀብቼ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት የሄድኩት የተጨፈለቀ ፋይል ይዤ ነው። PSD ቤት ቀረ። ኮፒውን Flatten Image፣ ቀጥሎ Convert to Profile ብዬ sRGB፣ መጠኑን 40 በ60 ያለ Resample፣ ከዚያ ማሾል፣ በመጨረሻም TIFF ሆኖ ፕሮፋይሉ ታቅፎ። ያ ቤት ሳይሆን ቸርችል ጎዳና ላይ ካለ ሌላ ቤት ገባሁ፤ RGB እንዳለ ይቀበላሉ። ሙሉውን ከማሳተሜ በፊት፣ የላቡ ሰው እንደመከረኝ፣ የአያቴና የአጎቴ ፊት ከነጥለቱ ያለበትን 10 በ15 ሴንቲሜትር ቁራጭ በሙሉ መጠኑ አሳተምኩ፤ የተጨመቀ ትንሽ ሥዕል አይደለም፣ ከሥዕሉ የተቆረጠ ነው። ሠራተኛው ቁራጩን ከቱቦው መብራት ስር አውጥቶ በር ላይ፣ ቀን ብርሃን ውስጥ አሳየኝ። የሁለቱ ቆዳ አንድ ቤተሰብ ሆኗል። አረንጓዴው ከመጀመሪያው ካንቫስ ይሻላል፣ የስክሪኑን ያህል ግን አይደለም።

ቁራጩን ወስጄ ለአክስቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ረጅም ሰዓት አየችውና፣ እማዬ እዚህ ላይ ምነው ጥላ የላትም ብላ ጠየቀችኝ። ሙሉውን ገና አላሳተምኩም። ስለ ጥላው ሌላ ሐሳብ ያለው ሰው ክሩ ክፍት ነው።